«ተመልሰህ ምን ትሠራለህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚጻፍ አንድ አንቀጽ

(ለማስተርስ የውጭ አገር ነፃ ትምህርት ለሚያመለክቱ ወጣት ባለሙያዎች ደብረ ብርሃን ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ መምጣታችሁን አይቻለሁ፤ ጋቢ የደረባችሁትን ደግሞ በቅናት ነው የማያችሁ። ስለዚህ ሳላስረዝም ወደ ነገሩ ልግባ።

የማወራው ስለ ሙሉው የማመልከቻ ደብዳቤ አይደለም። ስለ መጨረሻው አንቀጽ ብቻ ነው፤ ተምራችሁ ስትጨርሱ ምን እንደምትሠሩ ስለምትጽፉበት። ከጓደኞቼና ከታናናሾቼ እየመጣ ያነበብኩት ረቂቅ ብዙ ነው። ሌላው ክፍል ደህና ሆኖ ይመጣና እዚያ ላይ ሲደርስ ሁሉም አንድ ሰው ይሆናል። እንዲህ ይላል፦

«ትምህርቴን ሳጠናቅቅ ወደ አገሬ ተመልሼ ባገኘሁት ዕውቀት ድህነትንና ረሀብን ለማጥፋት፣ ግብርናውን ለማዘመንና ለዘላቂ ልማት የበኩሌን አስተዋጽኦ ለማድረግ እፈልጋለሁ። ከዚህም አልፎ የአየር ንብረት ለውጥን በመታገል ለመጪው ትውልድ የተሻለች ዓለም መፍጠር ሕልሜ ነው።»

ሳቃችሁ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ግማሻችሁ ይህንኑ በፍላሻችሁ ይዛችሁታል። እስቲ «ግብርናውን» የሚለውን ቃል አውጡና «ጤናውን» አስገቡበት። ምንም አልተናጋም። «ትምህርቱን» አስገቡበት፤ አሁንም ቆሟል። ነርሷም፣ መምህሩም፣ የሒሳብ ሠራተኛውም ሊፈርሙበት የሚችሉት አንቀጽ የማንም አይደለም።

ይህን አጻጻፍ ከየት አመጣነው? ትንሽ ሆነን «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ስንባል «ዶክተር ሆኜ ወገኔን አገለግላለሁ» አልን፣ ተጨበጨበልን። አድገን መሥሪያ ቤት ስንገባ ደግሞ ሪፖርት መጻፍ ተማርን፤ እዚያም «አስተዋጽኦ» እና «ርብርብ» ያልገባበት አረፍተ ነገር ያልጨረስነው ይመስለናል። ከዚያ ማመልከቻው እንግሊዝኛ ስለሆነ ነገሩ የበለጠ ይደበቃል። በሰው ቋንቋ ትልቅ ቃል ማለት አያሳፍርም። ለዚህ ነው መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት የምለው፤ ከዚያም ለአባታችሁ ወይም ለአጎታችሁ አንብቡላቸው። «ረሀብን አጠፋለሁ» ስትሏቸው ዝም ብለው ያያችኋል። ቀጥለው የሚጠይቁት ግን አገሬው ሁሉ የሚጠይቀውን ነው፦ «የት ልትቀመጥ? ማን ሊከፍልህ? መጀመሪያ ምን ልትይዝ?» ማመልከቻችሁን የሚያነበውም ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ አጎታችሁ ፊት ለፊት ይጠይቃል፣ እሱ በሆዱ ይጠይቃል።

አንባቢው ትልቅ ሕልም ጠልቶ አይደለም። እሱ መወሰን ያለበት ሁለት ነገር ነው፤ ይህ ሰው ሠራዋለሁ ያለውን ሊሠራ ይችላል ወይ፣ ለዚያስ ይህ ትምህርት ያስፈልገዋል ወይ። «ረሀብን አጠፋለሁ» ለሁለቱም መልስ የለውም። አንዳንዱ ዕድል ደግሞ ጥያቄውን በደንብ ያጠብቀዋል። ለምሳሌ የብሪታንያው ቺቭኒንግ የተማረውን ሰው ቢያንስ ለ2 ዓመት ወደ አገሩ እንዲመለስ ያስገድዳል፤ ስለ ሥራ ዕቅዱም ለብቻው ጽሑፍ ያስጽፋል። እነዚያ 2 ዓመታት በአንቀጻችሁ ውስጥ ባዶ ከሆኑ አንባቢው «ይሄ ሰው ተመልሶ ምን ሊሆን ነው?» ቢል አይፈረድበትም።

አሁን አንድ ሰው ላምጣላችሁ። በሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ እነዋሪ ላይ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያነት የሚሠራ ልጅ ነው። ፈቅዶልኛል፤ እኔም ለይተው የሚያሳውቁትን ነገሮች አስቀርቻለሁ። ያመለከተው ስለ እርሻ መሬት ውኃ አያያዝ ለሚያስተምር የማስተርስ ትምህርት ነበር። ይዞት የመጣው አንቀጽ ቅድም ያነበብኩላችሁን ሊሆን ምንም አልቀረው፤ አንድ ብቻ ጨምሯል፦ «ለአርሶ አደሩ ዘመናዊ የማጠንፈፍ ቴክኖሎጂ አስተዋውቃለሁ።»

ጅሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ግን ነገሩን ልንገራችሁ፣ ካለዚያ ቀሪው አይገባችሁም። የጅሩ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፣ መረሬ። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ያብጥና ይዘጋል፣ ከዚያ ውኃ አላሳልፍ ይላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማሳው ውኃ ይተኛበታል፣ የስንዴውም ሥር ይታፈናል። ውኃው እስኪሸሽ የሚጠብቅ ገበሬ ዘሩን ወደ ነሐሴ መጨረሻ ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዝናቡ ሊያበቃ ደርሷል፣ ሰብሉ በአፈሩ ውስጥ በቀረችው እርጥበት ነው የሚደርሰው። የጅሩ ሰው ለዚህ ጥንት ያገኘው መላ አለ። አባወራው፣ ሚስቱና ልጆቹ ሆነው አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ መደብ ያወጣሉ፣ በመደቡ መካከል ቦይ ይተዋሉ፣ ውኃው በቦዩ ይወርዳል። ወገብ የሚሰብር ሥራ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፉ የከብት እርባታ ማዕከል ከአገራችን ተቋማት ጋር ሆኖ ይህንኑ በበሬ የሚሠራ መሣሪያ አወጣ፤ ባለሙያዎች ቢቢኤም የምንለው ነው። መነሻው ሁለት ማረሻ አጣምሮ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ መደብ ከነቦዩ ማውጣት ነው። ክብደቱ በሬ ያደክማል ተብሎ ብዙ ተወቅሷል፤ የጅሩ ሰንጋ እንኳ ለሥጋው እንጂ ለዚህ አልተቀለበም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ባለበት አገር ቁጭ ብሎ «ዘመናዊ ማጠንፈፍ አስተዋውቃለሁ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ምን ይመስላል? ማመልከቻውን የሚያየው መምህር በመረሬ አፈር ላይ የሠራ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። እንዲህ ያለ አንባቢ ልጁ የሚሠራበትን ቦታ አያውቀውም ብሎ ይደመድማል። ልጁ ግን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የሚያውቀውን ትቶ የማያውቀውን ነበር የጻፈው።

ስለዚህ ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩና እንደ አጎት ጠየቅኩት።

«ባለፈው ክረምት በሥራህ ላይ በጣም ያስቸገረህ ምንድን ነው?» አልኩት።

ብዙም አላሰበም። «ጠብ ነው» አለኝ።

«የምን ጠብ?»

«የውኃ። የላይኛው ሰውዬ መደብ ያወጣል፣ ውኃው በቦዩ ወርዶ የታችኛው ማሳ ላይ ይቆማል። የታችኛው ይከሳል። መውረጃ እንዲበጅ ቀበሌው ይጠራኛል። ቦይ ቀድጄ እሄዳለሁ። በሁለተኛው ክረምት ቦዩ ተቦርቡሮ ገደል ሆኖ አገኘዋለሁ።»

«ለምን ይቦረቦራል?»

«ምን ያህል ውኃ እንደሚመጣ ስለማላውቅ ነዋ። በዓይኔ ገምቼ ነው የምቀደው። ጠባብ ሲሆን ሞልቶ ይፈሳል፣ ተዳፋቱ ሲበዛ ይቆርጣል።»

እዚህ ጋ እኔ ዝም አልኩ። አንቀጹ ተገኝቷል። ችግሩ ማሳውን ማጠንፈፍ እንዳልሆነ እሱ ራሱ ነገረኝ፤ ያንን ገበሬው ያውቅበታል። የተጠነፈፈው ውኃ የት ይሂድ የሚለው ነው ያልተፈታው። የሚጎድለው ዕውቀትም ስም አለው፤ ከተወሰነ ማሳ ላይ በአንድ ዶፍ ዝናብ ምን ያህል ጎርፍ እንደሚነሣ ማስላት፣ በዚያም ልክ የመውረጃውን ስፋትና ተዳፋት መወሰን። የትምህርቱን የኮርስ ዝርዝር አውጥተን ስናይ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ይኸው ቁጭ ብሏል። ልጁ ከዚያ በፊት ዝርዝሩን አላነበበውም ነበር። ብዙዎቻችሁም አላነበባችሁትም፤ አትቆጡኝ።

ደስ ብሎት ሄደና በሦስተኛው ቀን ሁለተኛ ረቂቅ ይዞ መጣ። ይህኛው ደግሞ በሌላ በኩል ወድቋል። «በ5 ዓመት ውስጥ በዞኑ ያለውን የመረሬ መሬት በማጠንፈፍ የስንዴ ምርትን በ60 በመቶ አሳድጋለሁ» ይላል። ይሄ የወረዳ ዕቅድ ነው። መቶ ታቅዶ መቶ አሥራ ሁለት የሚከናወንበትን ወረቀት ሁላችንም አይተነዋል። ቁጥር ስለገባበት ብቻ አረፍተ ነገሩ ተጨባጭ አይሆንም። «60 በመቶ ከየት መጣ?» ብዬ ጠየቅኩት፤ አልመለሰልኝም። ምርት እኮ በማጠንፈፍ ብቻ አይወሰንም። ዘሩ አለ፣ ማዳበሪያው በጊዜ መድረሱ አለ፣ ዋግ አለ፣ ዝናቡ መቼ እንዳቆመ አለ። ዋግ በገባበት ዓመት መውረጃው የቱንም ያህል ቢያምር ምርቱ ይወርዳል። ስለዚህ በእጁ ያልሆነውን ነገር ቃል ገባ ማለት ነው። በእጁ ያለው መውረጃው መቆሙ ወይም መፍረሱ ነው፤ ቃል መግባት የሚችለው በዚያ ብቻ ነው። ዞኑን በሙሉ ማለቱም እንዲሁ ነው። የአንድ ወረዳ ባለሙያ በጎረቤት ወረዳ በጀት ላይ አያዝም።

በሦስተኛው ዙር የጻፈው ይኸውላችሁ፤ በእንግሊዝኛ የላከው የዚህን ትርጉም ነው፦

«ትምህርቴን ስጨርስ የምመለሰው አሁን ወደምሠራበት የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ወደዚያው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ነው፤ መሥሪያ ቤቴ ተመልሼ እንዳገለግል ውል አስፈርሞ የትምህርት ፈቃድ ሊሰጠኝ ተስማምቷል። በመጀመሪያው ክረምት በአንድ ቀበሌ፣ ማሳቸው ከላይ እስከ ታች በተያያዘ 12 አባወራዎች መሬት ላይ ከየመደቡ የሚወጣው ውኃ በየት እንደሚሄድና የት እንደሚቆም እለካለሁ። በሁለተኛው ዓመት ከባለማሳዎቹ ጋር ተስማምተን አንድ የጋራ መውረጃ እናበጃለን። የጎርፉን መጠን አስልቶ የመውረጃውን ስፋትና ተዳፋት መወሰን ዛሬ የማልችለው ነገር ነው፤ ይህን ትምህርት የመረጥኩትም ለዚህ ነው። አስቸጋሪው ነገር ቁፋሮው አይመስለኝም፤ መውረጃው የሚያልፍበት ሰው ጥቂት መሬት ያጣል፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ለመለካት ብቻ ሳይሆን ለሽምግልናም ይዤዋለሁ። መውረጃው ሁለት ክረምት ሳይቦረቦር ከቆመ አሠራሩን ጽፌ መረሬ አፈር ላላቸው አጎራባች ወረዳዎች ባለሙያዎች አሳያለሁ። ከጊዜ በኋላ የምፈልገው በዞን ደረጃ የጥቁር አፈር ማጠንፈፍ ሥራን ማስተባበር ነው።»

አንድ ነገር ልብ በሉ። «አገሬ» የሚል ቃል የለም። «ድህነት» የለም። ያም ሆኖ አንብባችሁ ስትጨርሱ ይህ ሰው ለማን እንደሚሠራ ትጠራጠራላችሁ?

ስለ መመለሱ የጻፈውን ላይ ትንሽ ልቆይ። ሁላችሁም «ወደ አገሬ እመለሳለሁ» ትላላችሁ፤ የማይመለሰውም እንዲሁ ይላል። ስለዚህ አረፍተ ነገሩ ብቻውን ምንም አይመዝንም። ሚዛን የሚሰጠው የሚጠብቃችሁ ወንበር ነው፤ መሥሪያ ቤቱ፣ የሥራ መደቡ፣ ውሉ። ግን ውሉ ከሌለ አለ አትበሉ። ልጁ «ሊሰጠኝ ተስማምቷል» ያለው በእጁ የነበረው የኃላፊው ደብዳቤ ስለነበር ነው፤ ገና በቃል ቢሆን ኖሮ «ጠይቄያለሁ» ብሎ ይጽፍ ነበር። በቃለ መጠይቅ ላይ «ደብዳቤው የታል?» የሚል ይመጣል።

ሌላው «12» ነው። ከቅድሙ 60 በመቶ በምን ይለያል ትሉኝ ይሆናል። ቦታውን ስለሚያውቀው ነው። ከላይኛው ማሳ እስከ ጅረቱ ድረስ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ ቆጥሮ ነው የጻፈው፤ ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት በስም ይጠራቸዋል። የማትቆጥሩትን ቁጥር አትጻፉ።

ስለ እንቅፋቱ የተጻፈችው ደግሞ ያከራከረችን ናት። «ደካማ አያስመስለኝም?» አለ፣ ሊያወጣት ፈልጎ ነበር። እኔ እንዲያውም ከአንቀጹ ሁሉ የምወደው እሷን ነው። መሬት ላይ የዋለ ሰው ብቻ ነው መውረጃው የሚያልፍበት ገበሬ መሬት እንደሚያጣ የሚያስበው። ከጽሕፈት ቤት ያልወጣ ሰው እንቅፋት ሲጽፍ «የበጀትና የግንዛቤ እጥረት» ይላል፤ ያ ለማንኛውም ሥራ ይሆናል። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ እንቅፋቱን ጽፋችሁ ዝም አትበሉ፣ ምን እንደምታደርጉበት በግማሽ አረፍተ ነገር አስከትሉ።

የረጅም ጊዜው ፍላጎት መጨረሻ ላይ፣ በአንድ መስመር ብቻ ገብቷል። ቀድሞ ቢመጣ እንደ ምኞት ይነበብ ነበር። ከሁለቱ ክረምቶች በኋላ ሲመጣ ግን ወደዚያ የሚያደርሰው ደረጃ ታይቷል። ስለ ተባበሩት መንግሥታት ግቦችም አንድ ቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቁት 17 ግቦች በየማመልከቻው ውስጥ እንደ ማኅተም ይመታሉ፦ «ሥራዬ ከግብ 2 ጋር የተጣጣመ ነው።» ቅጹ ራሱ የትኛውን ግብ እንደሚመለከት ከጠየቃችሁ መልሱ። ካልጠየቃችሁ ተዉት፤ ከመውረጃው ጋር የሚጨምረው ነገር የለም።

የራሴን ድርጅት እመሠርታለሁ ለምትሉም አለኝ፤ ግን አጭር ነው። ልትመሠርቱ ትችላላችሁ፤ ብቻ የመጀመሪያውን ዓመት ደመወዛችሁን ማን እንደሚከፍል ካልጻፋችሁ አንባቢው «አንድም ዓመት አይቆይም» ይላል። ብዙ ጊዜ እውነተኛው መልስ «እያስተማርኩ ጎን ለጎን» ነው። እሱን ጻፉት፤ አያሳፍርም።

ጥያቄ ካላችሁ ብዬ ስጨርስ ከኋላ በኩል የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አነሣች። «ጋሼ፣ እርስዎ ያመጡት ልጅ ሥራ አለው» አለች። «እኔ ከተመረቅኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል፣ ሥራ የለኝም። ወንበር የሌለው ሰው ምን ይጻፍ?»

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሜ ማንሣት ነበረብኝ። በመጀመሪያ፣ ሁሉም ዕድል ለአንቺ አይደለም። የጀርመኑ ዳድ ከልማት ጋር ለተያያዙ የማስተርስ ትምህርቶች በሚሰጠው ዕድል ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ እዚያ ላይ ጊዜሽን አትጨርሺ። አዲስ ምሩቅ ለሚቀበሉት ስትጽፊ ግን የሌለሽን ወንበር አትፍጠሪ። በምትኩ እንደ አንቺ ዓይነት ምሩቅ በትክክል የሚቀጠርባቸውን ሁለት ቦታዎች ጥሪ፤ የሥራ መደቡን ስም ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዳለ ውሰጂው።

«ምን ተማርሽ?» አልኳት።

«እንስሳት ሳይንስ። የመመረቂያ ጽሑፌ በመንዝ በግ ላይ ነው።»

«የት ሄደሽ ሠራሽው?»

«መሐል ሜዳ አካባቢ። ግልገል ለምን እንደሚሞት ነበር። አርባ ቤት ዞሬ ጠይቄያለሁ።»

«ታዲያ መልስ ያላገኘሽለት ምን ቀረ?»

አሰበች። «ሰዎቹ የሚነግሩኝ የሞተውን ነው። መቼ እንደሞተ፣ ስንት ቀኑ እንደነበረ የመዘገበ አንድም ቤት አላገኘሁም። ስለዚህ ከብርዱ ይሁን ከወተት ማነስ ወይም ከበሽታ መለየት አልቻልኩም።»

አንቀጽሽ ከዚህ ይጀምራል አልኳት። ወንበሩን «በምርምር ማዕከል ወይም በወረዳ የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት በጀማሪ ባለሙያነት ለመቀጠር አመለክታለሁ» በይው፤ ሥራውን ግን በእነዚያ ቤቶች ጀምሪው። ከአርባዎቹ ተመልሰሽ የምትሄጂባቸው ስንቶቹ እንደሆኑ ጠየቅኳት። በጣቷ ቆጠረች፣ ዘጠኝ ደረሰች፣ አሥረኛዋ ላይ ቆም አለችና «እሳቸው እንኳ ሸጠው ጨርሰዋል» አለች።

«እንግዲያው ዘጠኝ ብለሽ ጻፊ» አልኳት።